«ሰው ላመጣልዎት» አልኳቸው፤ «ቤቴን ልታከራይብኝ ነው» አሉኝ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ እሠራለሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ጥቅምት 1 ቀን የሁለት ዓመት ውል ተፈራርመን ወረዳ አስመዝግበናል። ኪራዩ በወር 16,000 ብር ነው፤ በየሁለት ወሩ በባንክ እየከፈልኩ እስከ ግንቦት 30 ያለውን ጨርሻለሁ። ሚያዝያ 20 ቀን ወደ ጅማ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሰኔ 1 እዚያ መገኘት አለብኝ። በማግሥቱ ለአከራዬ (ማዘር ነው የምላቸው) ደወልኩና «ሰው ላመጣልዎት እችላለሁ» አልኳቸው። ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። «ሁለት ዓመት ብለሽ ነው የገባሽው። ከፈለግሽ የቀረውን ከፍለሽ ሂጂ፤ ቤቴን ግን ለሌላ ሰው አታከራይብኝም» ብለው ስልኩን ዘጉት። ውላችን ላይ ተከራይ መልቀቅ ሲፈልግ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል ይላል፤ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይቻልም የሚልም አለ። አንድ ባልደረባዬ ሊያገባ ስለሆነ ቤት እየፈለገ ነው፤ የእኔን አይቶ ወዶታል። ጓደኞቼ «ቁልፉን ስጪውና ሂጂ፤ ኪራዩን እሱ ይላክላቸው» ይሉኛል። ማዘር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ታምሜ ሳለሁ አጥሚት ይዘው አራት ፎቅ የወጡ ሴት ናቸው። ሳንቀያየም እንዴት ልውጣ?

እህቴ፣ ቁልፉን ለባልደረባሽ አትስጪው። ሌላውን ቀስ እያልን እንደርስበታለን፤ ይቺን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያዢልኝ።

ጓደኞችሽ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም በአንቺ ዕድሜ እንደዚሁ ተመክሬ እንደዚሁ አድርጌያለሁ። ገርጂ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ስኖር ውሌ ሳያልቅ ሌላ ሰፈር ሥራ አገኘሁና ቁልፉን ለአንድ የማውቀው ልጅ ሰጥቼ ወጣሁ። አከራዩን «እሱ ይከፍልዎታል» አልኳቸው፤ እሳቸውም በስልክ «እሺ» አሉ። ሦስት ወር ያህል ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። አራተኛው ወር ላይ አከራዩ ደወሉ፤ ልጁ ኪራይ አልከፈለም፣ የውሃው ዕዳም ተጠራቅሟል። «እኔ እኮ ከወጣሁ ቆየሁ» ብል ውሉን አወጡልኝ። ፊርማው የእኔ፣ ስሙ የእኔ። ልጁ ስልክ ማንሳት አቁሟል። በመጨረሻ ከፈልኩ፤ ከልጁም ከአከራዩም ጋር ሰላምታ እንኳ ሳይቀረን ተለያየን። እና ይህ ከእኔ ይብቃ ብዬ ነው።

ነገሩ የሚያሳስተው ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ስለሚመስል ነው። አንቺ ወጥተሽ ባልደረባሽ ገባ፤ ኪራይ ይከፈላል፤ ማን ምን ጎደለበት? ከወረቀቱ ስታዪው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በመጀመሪያው መንገድ የአንቺ ውል እንዳለ ይቀጥልና ባልደረባሽ በአንቺ ስም ሥር ይኖራል። ይህ ተከራይቶ ማከራየት ነው፤ ውልሽም በግልጽ ከልክሎታል። እሱ ሳይከፍል ቢቀር፣ መታጠቢያ ቤቱን አፍስሶ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ቢያበላሽ፣ የሚጠየቀው ወረዳ መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ እሱም አንቺ ነሽ፣ ጅማ ሆነሽ። በሁለተኛው መንገድ የአንቺ ውል በጽሑፍ ይዘጋል፤ ማዘር ደግሞ ከመረጡት ሰው ጋር በራሳቸው ስም አዲስ ውል ይዋዋላሉ፤ ያም ወረዳ ይመዘገባል። ነፃ የሚያወጣሽ ይህኛው ብቻ ነው። «ተተኪ አመጣለሁ» ማለት ዋጋ የሚኖረው በዚህ መልክ ሲሆን ነው።

አሁን ያንን የስልክ ንግግር በማዘር ጆሮ እንስማው። አንድ ቀን ከሰዓት ስልክ ይጮኻል። ልጅቷ ልትለቅ ነው። ያውም በአንድ ወር ከምናምን። ዜናውን ገና ሳይውጡት «ሰው ላመጣልዎት» ትላለች። በእኛ ከተማ «ሰው አመጣለሁ» የሚለውን ቃል ስንት ነገር እንደሚከተለው አንቺም ታውቂዋለሽ። ደላላ አለበት፤ ቁልፍ የሚሸጥ አለ፤ 16,000 ከፍሎ በ20,000 የሚያከራይ አለ። አንቺ ልታግዣቸው ብለሽ ያልሽውን እሳቸው «ቤቴን በእጅ አዙር ልትይዝብኝ ነው» ብለው የሰሙት ይመስለኛል። «አታከራይብኝም» ያሉትም እኮ ለዚህ ነው፤ አንቺ ስለማከራየት አላወራሽም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው ነው፤ ሐሳቡ ደህና ሆኖ ሳለ አመጣጡ አበላሸው።

ልጠይቅሽ። ማዘር በዚህ ኪራይ ምን እንደሚያደርጉበት ታውቂያለሽ? የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ዕዳ ገና እየከፈሉ ከሆነ በየወሩ የሚቆረጥባቸው ገንዘብ ቤቱ ባዶ ሆነ አልሆነ አይጠብቅም። መተዳደሪያቸው ይኸው ኪራይ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ባዶ ወር ማለት የአንድ ወር አስቤዛ ማለት ነው። ካንቺ በፊት የነበረው ተከራይ እንዴት ወጣ? ብዙ ጊዜ የአከራይ ቁጣ የተጠራቀመው በቀደመው ሰው ላይ ነው። የኮሚቴ መዋጮና የውሃ ዕዳ ጥሎ የጠፋ ሰው ካለ፣ ያንን ዕዳ ማዘር አንቺ ላይ እያዩት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ክረምት እየገባ ነው፤ በዝናብ ዕቃ ጭኖ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ተከራይ እንደ ልብ አይገኝም። መልሱን ካላወቅሽ አትገምቺ፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ይህ ጥያቄ ራሱ ስሜታቸውን ያለሰልሰዋል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ላንቺ። ውሉን ስትፈርሚ ዝውውር ሊመጣ እንደሚችል ታውቂ ነበር? ባንክ ቤት ያለ ሰው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ መዛወሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ታውቂ ከነበረና ካልነገርሻቸው፣ «ይህን ቀድሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር» ብለሽ በራስሽ አንደበት ብትጀምሪ ጥሩ ነው። ካላወቅሽም ዝውውሩን እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ መረጃ አቅርቢው። ደብዳቤውን ኮፒ አድርገሽ ስጪያቸው፤ ቀኑን በዓይናቸው ይዩት። ግን ከዝውውር ደብዳቤው ብዙ አትጠብቂ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚባለው ግዴታን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። አንቺ ጅማ ሆነሽም ኪራይ መላክ ትችያለሽ። ስለዚህ ዝውውሩ ለመልቀቅሽ ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ውሉን በራሱ አያፈርሰውም።

ውሉን የሚያቋርጥልሽ ያ የማስጠንቀቂያ አንቀጽ ነው። «የቀረውን ከፍለሽ ሂጂ» ሲሉሽ ልብሽ ሳይደነግጥ አልቀረም፤ ከሰኔ ጀምሮ የሚቀሩት 16 ወራት ናቸው፣ 256,000 ብር። ይህን ቁጥር ከአእምሮሽ አውጪው። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል የፍትሐ ብሔር ሕጉ፤ የእናንተ ሕግ ደግሞ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሰጠ ተከራይ መልቀቅ እንደሚችል ጽፏል። ውሉን ያስገደደው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ዝቅተኛውን የውል ዘመን ሁለት ዓመት ያደረገው በዋናነት ተከራይ በየስድስት ወሩ «ጨምር፣ አለበለዚያ ውጣ» እንዳይባል ነው። ማዘር ግን «ሁለት ዓመት» የሚለውን ብቻ ይዘዋል። አይፈረድባቸውም፤ ውሉ ሲነበብ ሁላችንም የምንሰማው ቀኑንና ብሩን ነው። (ይህን የምታነቡ ሌሎች ተከራዮች፣ ውላችሁ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ከሌለ የአንድ ሰው መልስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሚያዝያ 21 የደወልሽው ስልክ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አይቆጠርም፤ ውሉ «በጽሑፍ» ይላል። በዚያ ቀን አንዲት ወረቀት ጽፈሽ ሰጥተሽ ቢሆን ሁለት ወሩ ሰኔ 21 ያልቅ ነበር። አሁን ግንቦት 5 ቀን ሰጠሽ ብንል ሐምሌ 5 ላይ ያርፋል። ኪራይሽ በቀን ሲካፈል 533 ብር አካባቢ ነው፤ እነዚህ 14 ቀናት ብቻ 7,500 ብር ገደማ ያስወጡሻል ማለት ነው። ስለዚህ ማዘር እስኪረጋጉ፣ ባልደረባሽ እስኪወስን፣ ቅዳሜ እስኪደርስ አትጠብቂ። ደብዳቤው ነገ ይጻፍ። ረጅም መሆን የለበትም፤ እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦

«ጥቅምት 1 ቀን በተፈራረምነው የቤት ኪራይ ውል መሠረት፣ መሥሪያ ቤቴ ወደ ጅማ ስላዛወረኝ ውሉን ለማቋረጥ ከዛሬ ግንቦት 5 ቀን ጀምሮ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። ማስጠንቀቂያው የሚያበቃው ሐምሌ 5 ቀን ነው። ቤቱን ግንቦት 30 ቀን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ከሐምሌ 5 ቀን በፊት እርስዎ የመረጡት ተከራይ አዲስ ውል ተዋውሎ ከገባ፣ የእኔ ውልና የኪራይ ግዴታዬ እሱ በገባበት ቀን እንዲያበቃ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙልሽ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስተውዪው። «ሰው ላመጣልዎት» የሚለው የስልክ ቃልሽ ተስተካክሎ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፣ የሚዋዋሉትም እሳቸው ናቸው።

ደብዳቤውን ግን በደረቁ አትላኪው። ቤታቸው ሂጂ። አጥሚት ይዘው ፎቅ የወጡልሽ ሴት ናቸው፤ ባዶ እጅሽን እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ ቡናም ይሁን ሌላ ይዘሽ ግቢ። መጀመሪያ ስለ ስልኩ ይቅርታ ጠይቂ፤ «ማዘር፣ እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ መንገር አልነበረብኝም፤ ደንግጬ ነው» ብትያቸው ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። ምናልባት ስለ ቀድሞው ተከራይ፣ ምናልባት ስለ ባንክ ዕዳው፣ ምናልባትም «ልጄ ብዬሽ» የሚል ቅሬታ ይወጣ ይሆናል። መሐል ገብተሽ «ውሉ እኮ» አትበያቸው። እሳቸው ሲጨርሱ እንዲህ በያቸው፦ «ቤቱ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ እንዲከስሩብኝ አልፈልግም። እኔ ለማንም አላከራይም። ቤት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ያነጋግሯቸው፤ ካልወደዷቸው ይተዉት። እስከዚያ ያለውን ኪራይ እኔ እከፍላለሁ።» ልዩነቱ ይሰማሻል? መጀመሪያ ያቀረብሽው ሰው ነበር። አሁን የምታቀርቢው ኪሳራ እንደማይኖር ማረጋገጫ ነው፤ ሰው ከዚያ ይከተላል።

ባልደረባሽን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። አንድ ሰው ብቻ ካቀረብሽ «ወይ እሱን ወይ ምንም» ያልሻቸው ይመስላል። ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ምርጫው የእሳቸው መሆኑን በተግባር ያዩታል። ደግሞ ያልፈተሽሽው አንድ በር ያለ ይመስለኛል፤ የሰው ኃይል ክፍላችሁን በአንቺ ቦታ ማን እንደሚመጣ ጠይቂያቸው። ከክፍለ ሀገር ወደ አንቺ ቅርንጫፍ የሚዛወር ሰው ካለ እሱም ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ገብቶ ቤት ሊፈልግ ነው፤ ደመወዝ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ የሚታወቅ ተከራይ ነው። ማዘር የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል። ለማንኛውም የምታቀርቢው ሰው መታወቂያውንና ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ይቅረብ፤ ስንት ሰው እንደሚኖር በግልጽ ይናገር። ባልደረባሽም «እኔና ባለቤቴ» ብሎ ገብቶ በወሩ ሁለት ወንድሞችን የሚጨምር ከሆነ ዛሬውኑ ይናገር። አንቺ ደግሞ የምታውቂውን ብቻ መስክሪለት። «አብረን ሠርተናል፣ ሰዓቱን የሚያከብር ሰው ነው» ካልሽ ጥሩ፤ «በእኔ ይሁንብዎ» ግን አትበይ። እሷ ቃል ዋስትና ሆና ተመልሳ ትይዝሻለች።

ደላላ ይግባ አይግባ ለሚለው፣ ማዘር ራሳቸው በደላላ ማከራየት ከፈለጉ መብታቸው ነው። የደላላውን ክፍያ አንቺ እንድትሸፍኚ ከጠየቁሽ ውልሽ ያንን አላስገደደሽም፤ ግን ነገሩን የሚያቀልልሽ ከሆነ ግማሹን እከፍላለሁ ማለት ያስኬዳል። ይህን ለአንቺ ልተወው።

ገንዘቡን አንድ ጊዜ አብረን እንቁጠረው፤ ከማዘር ጋር ስትቀመጪ ቁጥሩ በእጅሽ እንዲሆን። እስከ ግንቦት 30 ተከፍሏል። ማንም ካልተተካ ከሰኔ 1 እስከ ሐምሌ 5 ያሉት 35 ቀናት ያንቺ ናቸው፤ 18,667 ብር ገደማ። የከፋው ይህ ነው፤ ከ256,000 ጋር አይተያይም። ባልደረባሽ ተቀባይነት አግኝቶ ሰኔ 11 ቀን ውል ፈርሞ ከገባ፣ አንቺ የምትከፍይው የሰኔን አሥር ቀናት ብቻ ነው፤ 5,333 ብር። ግንቦት 30 አንቺ ወጥተሽ ሰኔ 1 እሱ ከገባ ምንም የለብሽም። እዚህ ላይ ማዘርን ላለማስከፋት ብለሽ የምታልፊው አንድ ነገር እንዳይኖር፤ አዲሱ ተከራይ የከፈለባቸውን ቀናት አንቺ ደግመሽ አትክፈዪ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤው ላይ ያስገባነው። የምትከፍዪውንም በእጅ አትስጪ። እንደተለመደው በባንክ ላኪና ምክንያቱ ላይ «ከሰኔ 1 እስከ 10 ኪራይ» ብለሽ ጻፊ።

ማዘር «አዲስ ለሚመጣው ኪራይ እጨምራለሁ» ሊሉ ይችላሉ። ያ በእሳቸውና በወረዳው መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ በአዲሱ አዋጅ ጭማሪ እንደ ድሮው በቃል የሚወሰን ነገር አይደለም። አንቺን የሚመለከትሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባልደረባሽ በአዲሱ ዋጋ አልስማማም ብሎ ከቀረ፣ ድርድሩ ውስጥ ገብተሽ ልዩነቱን ልሸፍን እንዳትይ። ሁለት ወርሽን ጨርሰሽ መውጣት ይሻልሻል።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤትሽ። ዝውውሩ ያንቺ ፍላጎት ካልነበረ ወጪው ሁሉ ያንቺ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የዝውውር መመሪያችሁንና የኅብረት ስምምነታችሁን አምጥተሽ አንብቢ፤ የዕቃ ማጓጓዣና የመጀመሪያ ቀናት አበል የሚመለከት አንቀጽ ካለ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። ርክክብ እስክትጨርሺ ሪፖርት የምታደርጊበት ቀን በሁለት ሳምንት እንዲገፋም ጠይቂ። ሁለት ሳምንት ከተገፋልሽ በከፈልሽበት ቤት ውስጥ ራስሽ ትኖሪበታለሽ፤ ተተኪውም ተረጋግቶ ይመረጣል። «አይሆንም» ካሉሽም የጠፋብሽ ነገር የለም፣ ማመልከቻ ነው።

ማዘር እሺ ካሉ የመጨረሻው ቀን ይቀራል፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ቀን። የጭነት መኪናው ታች ቆሟል፣ ተሸካሚዎቹ ፍራሽ ይዘው ደረጃ ላይ ይጮኻሉ፣ አንቺ «ቁልፉ ጎረቤት ጋ አለ» ብለሽ ትሄጃለሽ። እንዲህ አታድርጊ። ዕቃሽን ቀድመሽ ጫኚና ባዶው ቤት ውስጥ ማዘር ጋር ዙሩ። ለመጋረጃ የበሳሽው ግድግዳ፣ የሚያንጠባጥበው የወጥ ቤት ቧንቧ፣ የላላው ሶኬት፤ ስትገቢ የነበረውንና አንቺ ያመጣሽውን ለዩ። የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ወይም የካርዱን ቀሪ በስልክሽ አንሺው፤ የውሃውንም። የኮሚቴውን የጥበቃና የጽዳት መዋጮ እስከ ወጣሽበት ወር ከፍለሽ ደረሰኙን ያዢ። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቤቱን በዚህ ቀን እንዳስረከብሽ፣ ቁልፍ ስንት እንደመለስሽ፣ ከኪራይ ጋር የተያያዘ ዕዳ እንደሌለብሽና የጥቅምት 1 ውል በዚህ ቀን እንዳበቃ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። በአንድ እጅ ቁልፍ፣ በሌላ እጅ ወረቀት። አዲሱ ተከራይ ውሉን የሚፈርመውም በዚያው ዕለት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ሦስታችሁም ወረዳ ሄዳችሁ ያንቺ እንዲሰረዝ፣ የእሱ እንዲመዘገብ አድርጉ። የወረዳው መዝገብ ላይ ስምሽ እስካለ ድረስ ጅማ ላይ ደህና እንቅልፍ አይወስድሽም።

እሺ ባይሉስ? ደብዳቤውን አልቀበልም፣ ሰውም አላይም፣ የቀረውን ክፈዪ ካሉ፣ አትከራከሪያቸው። ደብዳቤውን ሁለት ምስክር ባሉበት ስጪ፤ ካልተቀበሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪውና ደረሰኙን አስቀምጪ፤ ኮፒውን ወረዳው ቤቶች ክፍል አስገቢ። ሁለት ወሩ ከዚያ ይቆጠራል። ኪራዩን በቀኑ በባንክ ክፈዪ፤ ስለተቀያየማችሁ አንድ ቀን እንኳ አታሳልፊ፤ ያኔ ጥፋቱ ወደ አንቺ ይዞራል። ወረዳው እንዲያነጋግራችሁም መጠየቅ ትችያለሽ። ብዙ ጊዜ ግን ወረዳ ከመሄድ በፊት የሚሠራው ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ነው። በብሎካችሁ ውስጥ ማዘር የሚሰሟቸው ጎረቤት የሉም? ቡናውን እሳቸው ቤት አስፈልተሽ ብትገናኙ ከእኔ ምክር የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

ሳንቀያየም ልውጣ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ለጥቂት ቀን ቢከፋቸው ግን አትደናገጪ። ልጅ ብለው የያዙት ተከራይ ድንገት ሲለቅ የሚያዝን አከራይ አለ፤ ያ ኀዘን ሁሉ ቁጣ መስሎ ይወጣል። አንቺ ማድረግ የምትችይው ኀዘናቸው ላይ ኪሳራ እንዳይጨመር ነው። ጅማ ከገባሽ በኋላ አንድ ቀን ደውዪላቸው፤ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ጤናቸው።

እና ያ ታመሽ ሳለሽ በር የሚከፍትልሽ ሰው ጋ ያስቀመጥሽው ትርፍ ቁልፍ ካለ፣ ርክክቡ ላይ «ሁለት ቁልፍ» ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት አምጪው።